የትኛው ሀ?

ነገሩ በጠቅላላ የፈጀብኝ ይህ ነው፦ አንድ ደስጣ ወረቀት፣ ሦስት ከሰዓት በኋላ እና አንድ ትምህርት ቤት። ትምህርት ቤት ስል ሕንፃውን አይደለም፤ እሱ አሁንም ከሱቄ ማዶ ቆሟል። ደንበኝነቱን ነው።

ሱቄ ሶዶ ውስጥ ነው። ደብተር፣ እስክሪብቶ፣ ማስመሪያ እንሸጣለን፤ ፎቶ ኮፒ እናነሳለን፤ ጽሑፍ እንተይባለን። ኮምፒውተሩ የባለቤቴ ነው፣ የኮፒ ማሽኑ የኔ። ከዚያ በፊት ከአረካ ዝንጅብል እያመጣሁ ነግጃለሁ። ትምህርቴን ያቆምኩት አምስተኛ ክፍል ግማሽ ላይ ነው፤ ሌላውን ግማሽ ለነገ አስቀምጬው ነበር፣ ነገው ገበያ ቀን ሆነና ቀረሁ።

ከሱቄ ማዶ ያለው የግል ትምህርት ቤት ፈተናውን ሁሉ የሚያባዛው እኔ ዘንድ ነበር። አንድ ሰኞ የስድስተኛ ክፍል የማኅበራዊ ሳይንስ መምህርት በእጇ የጻፈችውን ፈተና ይዛ መጣች። ወጣት ናት፣ ማስተማር ከጀመረች ገና ዓመት አልሞላትም። አሥር እውነት ወይም ሐሰት፣ ስምንት አዛምድ። ለባለቤቴ ሰጥታት፣ ከሰዓት እመለሳለሁ ብላ ሄደች።

ባለቤቴ ተየበች፤ እኔ ለሙከራ አንድ ቅጂ አወጣሁ። ዝናብ ይዘንባል፣ ደንበኛ የለም። እርሳስ አነሳሁና ፈተናውን ሠራሁት። መጽሐፉን አይቼው አላውቅም። በአሥር ደቂቃ ጨረስኩ፣ ወረቀቱን ባንኮኒው ላይ ትቼ ሻይ ላዝዝ ወጣሁ።

ስመለስ መምህርቷ ወረቀቱን ይዛ ቆማለች።

«ይህን ማን ሠራው?»

«እኔ ነኝ ቲቸር። ወረቀቱ የተበላሸ ነው፣ አላስከፍልሽም።»

ቀይ እስክሪብቶ አወጣች። መምህር ቀይ እስክሪብቶ ሲያወጣ የአርባ ዓመት ሰውም ቢሆን እጁን አጣምሮ ይቆማል። አረመች፣ ደመረች፣ እንደገና ደመረች።

«ከአሥራ ስምንት አሥራ ስድስት። ጋሼ፣ እርስዎ ስንተኛ ክፍል ነው ያቆሙት?»

«አምስተኛ።»

«ይህ የስድስተኛ ነው።»

«እንግዲህ አልፌያለሁ ማለት ነው።»

ባለቤቴ ከኮምፒውተሩ ኋላ ሆና ሳቀች። መምህርቷ ግን አልሳቀችም፤ ለደንበኛ ካስቀመጥናት ዱካ ላይ ተቀመጠችና ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ ዘረጋችው። ከዚያ ነገረችን።

ባለፈው ሴሚስተር የሰጠችው ፈተና ላይ ክፍሉ በሙሉ ከፍተኛ ውጤት አምጥቶ ነበር። ወላጆች ተደሰቱ፣ እሷም ተደሰተች። ዳይሬክተሩ ግን ነገር የማይዋጥለት ሰው ነው። ክፍል ገብቶ አንዱን ልጅ አስነሳና «ቢላቴ ወንዝ የት ይገባል?» አለው። ልጁ ቀጥ ብሎ ቆሞ «ሐ ውስጥ!» ብሎ መለሰ።

«ሐ ውስጥ?» አልኩ።

«መልሱ ሐ ነበራ! ልጁ ሐይቁን አያውቅም፣ ፊደሉን ነው የሚያውቀው። ቀጥሎ ሌላ አስነሳ፤ እሱም ያው። ዳይሬክተሩ ቢሮ ጠርቶኝ ምን አለኝ መሰለዎት? ‹ከዚህኛው ፈተና በኋላ አምስት ልጅ አስነስቼ በአፍ እጠይቃለሁ። በወረቀት ያመጡትና በአፍ ያሉት ካልገጠመ ውልሽ አይታደስም።› እኔ ደግሞ ያንኑ ዓይነት ፈተና ጽፌ መጣሁ። እርስዎ መጽሐፉን ሳያዩ አሥራ ስድስት ካመጡ ልጆቹማ ምን ያቅታቸዋል?»

«ወይ አባቴ!» አለች ባለቤቴ። ከንፈሯን መጠጠች፣ እኔንም ገላመጠችኝ፤ ፈተና ማለፌ ጥፋት መሆኑን ያን ቀን ነው የተረዳሁት።

«እንዴት አወቁት ግን?» አለች መምህርቷ። «አንድ በአንድ ይንገሩኝ።»

ነገርኳት። አንዱ ጥያቄ ላይ «የኦሞ ወንዝ ሁልጊዜ በሁሉም ቦታ ለመስኖ ያገለግላል» ይላል። እኔ ኦሞ ላይ መስኖ አላየሁም፤ ግን ገበያ ውስጥ «ሁልጊዜ» እና «ሁሉም» የሚል ሰው አውቃለሁ። ወይ ሊሸውድህ ነው ወይ ልጅህን ሊያገባ ነው። ሐሰት አልኩ። ሌላው ላይ «ገበሬዎች ምርታቸውን የሚሸጡት በገበያ ብቻ ነው» ይላል፤ «ብቻ» የሚል ቃል ካለ ሐሰት። «ደጋማ አካባቢዎች አብዛኛውን ጊዜ ከቆላማዎቹ ይልቅ ቀዝቃዛ ናቸው» የሚለው ደግሞ መሐላ የፈራ ሰው አነጋገር ነው፤ «አብዛኛውን ጊዜ» ያለ አይዋሽም። እውነት።

«ከዚያስ?»

«ከዚያ እውነቶችሽ ይረዝማሉ። ሐሰቱ አንድ መስመር፣ እውነቱ ሁለት መስመር ተኩል። እውነት እንዲሆንልሽ ስትጠነቀቂ ትጨምሪበታለሽ። ዝንጅብል የሚሸጥ ሰውም እንዲሁ ነው፤ ደህናው ዕቃ ላይ ብዙ ያብራራል፣ የበሰበሰው ላይ ‹ውሰድ በቃ› ይላል።»

«ሌላ?»

«ተራው። እውነት፣ ሐሰት፣ እውነት፣ ሐሰት። አምስተኛው ላይ ስደርስ መልሱን ሳላነብ አወቅሁት።»

መምህርቷ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። በጣቶቿ መሃል እያየችኝ «ታዲያ ሁለቱን ለምን ተሳሳቱ?» አለች።

የተሳሳትኳቸው ሁለቱ የማውቃቸው ነበሩ። አንዱ «ዳሞታ ተራራ ላይ መውጣት ያስደስታል» ይላል። ተራው እውነት እንደሆነ እያወቅሁ ጉልበቴ እምቢ አለኝ፤ ሐሰት አልኩ። ሌላው «ነጋዴ ዕቃን ከአምራች ገዝቶ ለተጠቃሚ ያቀርባል» ይላል። እዚህ ላይ ደግሞ ገዝተው መጋዘን የሚቆልፉ ሁለት የማውቃቸው ሰዎች ፊቴ ድቅን አሉብኝና ኅሊናዬ ከለከለኝ።

«ዳሞታው ልክ ነዎት» አለች ቀስ ብላ። «ያስደስታል አያስደስትም የሰው ስሜት ነው። እውነት ወይም ሐሰት አይባልም።»

«ማዛመጃውማ ጭራሽ አላሳሰበኝም። በግራ በኩል ‹ከወላይታ ተራሮች አንዱ› ትያለሽ፣ በቀኝ በኩል ‹ዳሞታ ተራራ›። በግራ ‹የግብርና ምርምር ማዕከል ያለባት ከተማ›፣ በቀኝ ‹አረካ ከተማ›። በግራ ‹ሥሩ የሚበላ ተክል›፣ በቀኝ ጎዳሬ። ተራራን ከተራራ፣ ከተማን ከከተማ፣ ጎዳሬን ከጎዳሬ! ይህ መልቀም ነው እንጂ ማወቅ አይደለም። ደግሞ ስምንት ለስምንት ነው፤ ሰባቱን ካገኘሁ ስምንተኛው ራሱ ይመጣል። ከሰርግ መጨረሻ ላይ የቀረ ጫማ የማን እንደሆነ አይጠየቅም።»

መምህርቷ ፈተናውን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ተቀየመች ብዬ ነበር። በሩ ላይ ስትደርስ ዞር አለችና «ጋሼ፣ ነገ ከሰዓት ክፍት ነዎት?» አለች።

እንዲህ ሆኜ የስድስተኛ ክፍል ፈታኝ ሆንኩ። ውሉ ቀላል ነበር። እሷ ትጽፋለች፣ እኔ እፈተናለሁ። ፈተናው ጥሩ ሆነ የሚባለው እኔ ስወድቅ ነው።

ማክሰኞ ሁለተኛውን ረቂቅ ይዛ መጣች። «ሁልጊዜ»፣ «ብቻ»፣ «በፍጹም» የሚሉት ወጥተዋል፤ እውነቱም ሐሰቱም ርዝመታቸው ተቀራርቧል። ከአሥሩ እውነት ወይም ሐሰት ሰባት አመጣሁ። ሰባት ስትደምር ፊቷ ጠቆረ፤ እኔም አፈርኩ።

«ይህኛውን እንዴት አወቁት?» አለች፣ ጣቷን አንዱ ላይ አድርጋ። «ቢላቴ ወንዝ አባያ ሐይቅ ይገባል፤ አባያም በአገራችን ትልቁ ሐይቅ ነው» ይላል።

«አላወቅሁትም። ሁለት ዕቃ አንድ ከረጢት ውስጥ ታስሮ ሲመጣ አንዱ የተበላሸ ነው።»

«ልጁስ? መጀመሪያው እውነት፣ ሁለተኛው ሐሰት መሆኑን ያወቀ ልጅ ምን ይጽፋል?»

«‹ግማሽ› ይጽፋላ።»

ለሁለት ከፈለችው። ቀጥሎ ባለቤቴ ከኮምፒውተሩ ላይ ቀና ብላ «ይህቺ ደግሞ ምን ማለት ናት?» ብላ አነበበች፦ «‹በወላይታ ውስጥ እንሰት የማይተክል ገበሬ የለም ማለት ትክክል አይደለም።›»

ባለቤቴ በጣቷ ቆጠረች። «የማይተክል… የለም… አይደለም። ሦስት ጊዜ ካድሽ። ታዲያ ይተክላል ነው አይተክልም?»

መምህርቷ ራሷ መልሱን ማስታወሻዋ ላይ ፈለገች። «እውነት» ይላል። ለምን እውነት እንደሆነ ግን ልታስረዳን ሞክራ መሃል ላይ ጠፋባት። «ብዙ የወላይታ ገበሬዎች እንሰት ይተክላሉ» ብላ ጻፈችና ተገላገለች።

አንዱን ደግሞ ከድሮው መጽሐፍ ገልብጣዋለች። ከተማችን በደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል ትገኛለች ይላል፤ መልሱም እውነት። እኔ ሐሰት ብዬ ነበር።

«መጽሐፉ ላይ እኮ አለ!» አለች።

«መጽሐፉ ፈቃዱን አላሳደሰም» አልኳትና ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የንግድ ፈቃዴን አሳየኋት። በትልቁ «የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል» ይላል። ክልሉ እዚሁ ዓይናችን ሥር ተቀይሮ፣ እሷም በየቀኑ በባጃጅ የክልሉን ቢሮዎች እያለፈች ነው የምትመጣው። እየሳቀች ሰረዘችው። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ስትስቅ አየኋት።

ልቤ ስላበጠ እኔም አንድ ጥያቄ ላዋጣ አልኩ። ነጋዴ ነኝ፣ የተመሳሰለ ዕቃ አውቃለሁ። «‹ቢላጤ ወንዝ በወላይታ ምሥራቅ ይገኛል› በይ። ቴን ጤ ታደርጊዋለሽ። ማንም አያየውም፣ መልሱ ሐሰት!»

መምህርቷ እንደ ተማሪ አየችኝ። «ጋሼ፣ ወንዙን የሚያውቀው ልጅ ነው እኮ የሚወድቀው። ይህ ማጭበርበር ነው እንጂ መፈተን አይደለም። ሐሰት ከሆነ በዋናው ነገር ሐሰት ይሁን።»

ባለቤቴ «ተመለስ ወደ ማሽንህ» አለችኝ።

ረቡዕ ሦስተኛው ረቂቅ መጣ። እውነትና ሐሰቱን እንዴት እንደምትደረድር ግራ ቢገባት እኔ የአንድ ብር ሳንቲም አወጣሁና አንበሳው ከመጣ እውነት፣ ሚዛኑ ከመጣ ሐሰት ብለን ጣልን። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሐሰት ሆኑ። «አይመስልም» አለች። «ያልመሰለውማ ነው ደጉ» አልኳት። ማዛመጃውንም ከሥር ነቅላ ጣለችው። ተራራ የለ፣ ጎዳሬ የለ፤ ሁሉም ወንዝና ሐይቅ። በግራ ስድስት ጥያቄ፣ በቀኝ ስምንት ስም፣ በፊደል ተራ የተደረደሩ፦ ሀ ቢላቴ፣ ለ ቱርካና፣ ሐ አባያ፣ መ አባይ፣ ሠ አዋሽ፣ ረ ኦሞ፣ ሰ ጣና፣ ሸ ጫሞ። ከላይ «አንድ ስም ከአንድ ጊዜ በላይ አይመረጥም፤ ሁለት ስሞች ይተርፋሉ» ብላ ጻፈች።

ተፈተንኩ። ከእውነትና ሐሰቱ አምስት፤ ሳንቲሙም ብቻውን ቢፈተን ይህንኑ ያመጣ ነበር። ከማዛመጃው ሁለት፦ በምዕራብ የሚያዋስነን ኦሞ፣ በምሥራቅ የሚያዋስነን ቢላቴ። ለዲምቱ ገበያ ስወርድ ስወጣ ቢላቴን አውቀዋለሁ።

«ሁለቱን ያገኘኋቸው ስለማውቃቸው ነው፤ ይቅርታ» አልኳት።

«ያ ነው እኮ የተፈለገው!» ብላ እጄን በሁለት እጇ ጨበጠችው። ሰው በመውደቄ እንዲህ ሲደሰት አይቼ አላውቅም። ባለቤቴ «በመውደቁ የተመሰገነ የመጀመሪያው ሰው» አለች።

እስከዚህ ድረስ ጥፋት የለም። ጥፋቱ ሐሙስ መጣ።

ሐሙስ ጠዋት ባለቤቴ የታመመች አክስቷን ልትጠይቅ ዱቦ ሄደች። ስትወጣ «የቲቸርን ፈተና እንዳትነካው፣ ከሰዓት መጥቼ እተይበዋለሁ» አለችኝ። ፈተናው ዓርብ ጠዋት ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጠበቅሁ። ዝናብ መጣ፣ ሚኒባስ እንደማታገኝ ገመትኩ። ሦስት ቀን ሙሉ ፈታኝ ሆኜ የከረምኩ ሰው ስድስት ወንዝ መተየብ አቅቶኝ ነው? ተቀምጬ በሁለት ጣት ተየብኩ።

ሁለት ነገር አጠፋሁ። አንደኛው የስስት ነው። ማዛመጃው ከገጹ ጥቂት መስመር አለፈ። ለጥቂት መስመር ለክፍሉ ሁሉ ሁለተኛ ወረቀት? ጥያቄዎቹን ፊት ለፊት፣ ስሞቹን ከጀርባ አተምኳቸው። አንድ ወረቀት፣ ሁለት ገጽ፤ ብልሃት መሰለኝ።

ሁለተኛው የድንቁርና ነው። በኮምፒውተራችን «ሀ» ስትመታ ሀ ይወጣል። ያኛውን ሐ ለማውጣት ሌላ ቁልፍ አብሮ ይነካል፤ ሠም እንደዚያው። ባለቤቴ ታውቀዋለች። ለኔ ሀ ሀ ነው፤ ሰ ሰ ነው። ስለዚህ ከጀርባው የታተመው ተራ እንዲህ ሆነ፦ ሀ፣ ለ፣ ሀ፣ መ፣ ሰ፣ ረ፣ ሰ፣ ሸ።

አባዛሁ፣ ፖስታ ውስጥ አሸግሁ። መምህርቷ አመሻሹ ላይ እየሮጠች መጣች። «ልየው?» አለች። «ዓይንሽን ጨፍነሽ ውሰጂው» አልኳት። ዓይኗን ጨፍና ወሰደችው።

ዓርብ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ስልኬ ጮኸ። ዳይሬክተሩ ነው። «ይምጡ» አለ፣ ዘጋ።

ክፍሉ በር ላይ ስደርስ ከውስጥ የሚሰማው ድምፅ ዶሮ ቤት ውስጥ ድመት የገባ ይመስላል። ልጆቹ ወረቀቱን ያገላብጣሉ፤ ጥያቄ ያነቡና ይገለብጣሉ፣ ስም ያዩና ይመልሳሉ፣ እስኪመልሱ ጥያቄውን ይረሱታል፣ እንደገና ይገለብጣሉ። ፈታኝ ሆኖ የተመደበው ሌላ መምህር መጀመሪያ ላይ ሁሉም የሚኮራረጁ መስሎት ሦስቱን አስነስቶ ጥግ አቁሟቸዋል።

ከፊት የተቀመጠች ልጅ እጇን አውጥታለች። «ቲቸር፣ የትኛው ሀ?»

«አንደኛው ሀ ሀሌታው ሀ ነው፤ ሦስተኛው ሐመሩ ሐ ነው» አለች መምህርቷ።

ልጆቹ ተያዩ። ቤታቸው የሚናገሩት ወላይትኛ ነው፤ ወላይትኛ ደግሞ በላቲን ነው የሚጻፈው፤ ሀሌታው ሀ ዘመዳቸው አይደለም። ከኋላ አንዱ ተነሣ። «ቲቸር፣ ሐመር እዚህ የለም። ሐመር ደቡብ ኦሞ ነው ያለው፤ ብሔረሰብ ነው።»

«ቁጭ በል» አለች መምህርቷ። ልጁ ግን ትክክል ነበር፤ ማኅበራዊ ሳይንስ ተምሯል።

«እሺ የላዩ ሀ እና የታቹ ሀ እንበል!» አለ ፈታኙ።

«ሰስ?» አለ ሌላ ልጅ። «የላዩ ሰ ነው የታቹ ሰ?»

«የላዩ ሰ ከታቹ ሀ በታች ነው» አለ ፈታኙ። ከዚያ በኋላ ማንም ምንም አልገባውም።

በሩ አጠገብ የቆመው ዳይሬክተር ወደኔ ዞረ። ረጅም ሰው ነው፣ ሲያናግር ጎንበስ ይላል። «ይህን ፈተና ማን ነው ያዘጋጀው?»

መምህርቷ አየችኝ። የምትፈራውን አውቃለሁ፤ ለውሏ የቀራት ያቺ ፈተና ናት። ከገበያ የተማርኩት ዕቃው ሲበላሽ መኪናውን፣ መንገዱን፣ ዝናቡን ማማረር ነው። አፌ ላይ ዝናቡ መጥቶ ነበር።

«ጥያቄው የእሷ ነው፤ ንጹሕ ነው» አልኩ። «ሁለቱም ሀዎች የኔ ናቸው። ‹ሰ›ዎቹም። ገጹንም የገለበጥኩት እኔ ነኝ፣ ለወረቀት ስስት።»

«ስለዚህ ማዛመጃው ይሰረዝ?» አለ ዳይሬክተሩ ወደ እሷ ዞሮ። «ከተሰረዘ በአፍ የምጠይቀው ምን ላይ ተመሥርቼ ነው?»

መምህርቷ ጠመኔ አነሳችና ስምንቱን ስሞች ጥቁር ሰሌዳው ላይ በትልልቁ ጻፈች፤ ፊደል የሌለው፣ ስም ብቻ። ወደ ልጆቹ ዞረች።

«ወረቀቱን አትገልብጡ። ስሞቹ እዚህ አሉ። ፊደል አትጻፉ፤ የወንዙን ወይም የሐይቁን ስም ራሱን ጻፉ። ለአጻጻፍ ግድፈት ነጥብ አልቀንስም። አሥር ደቂቃ ጨምሬላችኋለሁ። ጥግ የቆማችሁ፣ ተቀመጡ።»

የእስክሪብቶ ድምፅ ብቻ ቀረ። ዳይሬክተሩ ሰሌዳውን አየ፣ እሷን አየ፣ ወጣ። እኔም ተከትዬው ወጣሁ።

ሰኞ ዕለት አምስቱን ልጆች አስነሣ። መምህርቷ የታረመውን ወረቀት ይዛ አጠገቡ ቆማለች። የሆነውን በኋላ ሱቅ መጥታ ነገረችን፤ ዱካዋ ላይ አልተቀመጠችም፣ ቆማ ነው የነገረችን።

«‹በስምጥ ሸለቆ ካሉት የአገራችን ሐይቆች በስፋት ትልቁ ማን ነው?› አለ። የመጀመሪያዋ ‹አባያ› አለች። ወረቀቷን አየ፣ አባያ። ‹በምሥራቅ የሚያዋስነን ወንዝ?› ሁለተኛው ‹ቢላቴ›። ወረቀቱም ቢላቴ። እንዲህ እንዲህ እያለ አራቱም ገጠሙ።»

«አምስተኛውስ?» አለች ባለቤቴ።

«አምስተኛው ያ ስለ ሐመር የተናገረው ነው። ትልቁን የስምጥ ሸለቆ ሐይቅ እንደገና ሲጠይቀው፣ የልጅቷን መልስ ንቆ ‹አባይ› አለ። እኔ ሞትኩ። ዳይሬክተሩ ወረቀቱን አየ። ‹አባይ› ብሎ ጽፏል፣ እኔም ኤክስ አድርጌበታለሁ። ምን ቢል ጥሩ ነው? ‹ይህ ልጅ በወረቀትም አላወቀ፣ በአፍም አላወቀ። እንዲህ ነው ፈተና!› ብሎ እጁን አጨበጨበ። ልጁ የተመሰገነ መስሎት ደስ አለው።»

ያልገጠመ አልነበረም። ውሉ ታደሰላት። ባለቤቴ አቀፈቻት፣ እኔ ደግሞ አንድ ደርዘን ቀይ እስክሪብቶ ሰጠኋት።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር አለ ግን» አለች፣ እስክሪብቶውን እያገላበጠች። «ዳይሬክተሩ ፈተናው የት እንደተሠራ ጠየቀኝ። ሱቅ ውስጥ፣ ሦስት ቀን፣ በሩ ክፍት ሆኖ፣ እርስዎ እየተፈተኑ… እውነቱን ነገርኩት።»

«ምን አለ?»

«‹ማንም ገብቶ ቢያነበውስ?› አለ።»

ሦስቱንም ቀን ባንኮኒው ላይ ተዘርግቶ ነበር፤ ሽንኩርት የምትሸጠው ጎረቤታችን ሳትቀር አንድ ጥያቄ ላይ ሐሳብ ሰጥታለች። በማግሥቱ ዳይሬክተሩ ራሱ መጣ። ጨዋ ሰው ነው፣ ሻይ ጠጣ፣ ስለ ዝናቡ አወራ። ከዚያ ጎንበስ አለና «ጋሼ፣ ከእንግዲህ ፈተናችንን ግቢ ውስጥ እናባዛለን። ማሽን ገዝተናል» አለ። አልተቃወምኩም። ስለ ሀ እና ስለ ሐ ግን አንድ ምክር ሰጠሁት፤ ማሽኑ ላይ የሚቀመጠው ሰው ሁለቱን የሚለይ ይሁን አልኩት። ማስታወሻው ላይ ጻፈው። በየትኛው ሀ እንደጻፈው አላየሁም።

ሒሳቡ፦ ትምህርት ቤቱ ሄዷል። መምህርቷ እዚያው እያስተማረች ነው።